ሽልንግን ያዳነው ማን ነው? አንድ የወለድ ውሳኔ ከናይሮቢ ተነስቶ የተጓዘበት መንገድ

በአውሮፓውያኑ ዲሴምበር 5/2023 የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ ናይሮቢ ላይ ተሰብስቦ መሠረታዊውን የወለድ ተመን ከ10.5 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ አሳደገው። በአንድ ስብሰባ ሁለት ሙሉ ነጥብ መጨመር በማዕከላዊ ባንኮች ዘንድ የተለመደ እርምጃ አይደለም። ብዙ የገበያ ተንታኞችም ተመኑ ባለበት ይቆያል ብለው ነበር የጠበቁት። ኮሚቴው ምክንያቱን አልሸሸገም። የሽልንግ መዳከም የሸቀጦችን ዋጋ ወደ ላይ እየገፋ በመሆኑ ምንዛሪውን ማረጋጋት ያስፈልጋል አለ።

የምጣኔ ሀብት መማሪያ መጽሐፍ እንደሚለው ከሆነ ከዚያ ቀን በኋላ ሽልንግ መጠንከር ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የኬንያ ገንዘብ ቁልቁል መውረዱን ቀጥሎ በጃንዋሪ 2024 አንድ ዶላር ከ160 ሽልንግ በላይ ተመነዘረ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2022 መባቻ፣ ያው ዶላር 113 ሽልንግ ገደማ ነበር።

ከዚያም ነገሩ በድንገት ተገለበጠ። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ሽልንግ ማንሰራራት ጀመረ፤ በማርች መገባደጃ ዶላር ወደ 130 ሽልንግ ተጠጋ። ገንዘባቸውን ለወራት በዶላር ይዘው የቆዩ ነጋዴዎች ለመሸጥ ተሽቀዳደሙ። ለረጅም ጊዜ ሲያሽቆለቁል የቆየው የናይሮቢ የአክሲዮን ገበያም ፊቱን አዞረ።

ታዲያ ሽልንግን ያዳነው የወለድ ጭማሪው ነው ወይስ ሌላ ነገር? ጥያቄው የኬንያውያን ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ካምፓላ ማዕከላዊ ባንኮች ወለድን የፖሊሲ መሣሪያቸው ባደረጉበት በዚህ ወቅት፣ መሣሪያው ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እንደማይችል የኬንያ ታሪክ ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ገጾች በተሻለ ያሳያል።

ነፋሱ የመጣው ከዋሽንግተን ነው

የታሪኩ መነሻ ናይሮቢ አይደለችም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ከማርች 2022 እስከ ጁላይ 2023 ባለው ጊዜ ወለዱን 11 ጊዜ ከፍ አድርጎ ዜሮ ገደማ ከነበረበት ወደ 5.25 እና 5.5 በመቶ መካከል አደረሰው። ያ ከሃያ ዓመት በላይ ያልታየ ከፍታ ነው።

ይህ ለናይሮቢ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት በለንደን ወይም በኒው ዮርክ የጡረታ ገንዘብ የሚያስተዳድር አንድ ሰው በዓይነ ሕሊና መሳል ይበቃል። የአሜሪካ መንግሥት ሰነድ ምንም በማይከፍልበት ዘመን ይህ ሰው የኬንያን ቦንድ በ7 በመቶ መግዛቱ ያስኬደው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ያለ ምንም ሥጋት ከ5 በመቶ በላይ ሲከፍል ግን ከኬንያ የሚጠብቀው ከፍ ይላል፤ ካላገኘ ገንዘቡን ወደ አገሩ ይመልሳል። ለመመለስም ሽልንጉን ሸጦ ዶላር መግዛት አለበት። ሺዎች ይህንኑ ሲያደርጉ የዶላር ዋጋ ይንራል።

በዚህ ላይ አንድ ቀነ ገደብ ነበር። ኬንያ በ2014 ከዓለም አቀፍ ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩሮቦንድ ስትበደር ከወሰደችው ውስጥ የ2 ቢሊዮን ዶላሩ መክፈያ ጁን 2024 ነበር። ዩሮቦንድ የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል፤ ከዩሮ ጋር ዝምድና የለውም። አገር ከራሷ ገንዘብ ውጪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር፣ ከውጭ ባለገንዘቦች የምትበደርበት ሰነድ ነው። ኬንያ ያንን ዕዳ የምትከፍለው እንደወትሮው አዲስ ዩሮቦንድ ሸጣ ነበር፤ ሆኖም ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ ማሳደግ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ የዓለም ገበያ ለአፍሪካ አገሮች በሩን ዘጋ። ዛምቢያ በ2020፣ ጋና በ2022 መክፈል አቅቷቸው ነበር። ኢትዮጵያም የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል የቀረችው በዚያው በዲሴምበር 2023 ነው፤ ኬንያ ወለድ በጨመረች በሦስተኛው ሳምንት መሆኑ ነው። በገበያው ውስጥ ይጠየቅ የነበረው ጥያቄ አጭር ነበር፤ ቀጣይዋ ኬንያ ትሆን?

የኮሚቴው ውሳኔ የሚይዘው አንድ ጫፍ ብቻ ነው

ማዕከላዊ ባንክ በቀጥታ የሚወስነው አንድ እጅግ አጭር ወለድ ነው፤ ባንኮች ለአንድ ሌሊት ገንዘብ ሲበዳደሩ የሚከፋፈሉትን። ኬንያ በኦገስት 2023 ይህ የአንድ ሌሊት ወለድ ከመሠረታዊው ተመን ብዙ እንዳይርቅ ከላይም ከታችም ወሰን አበጅታለታለች። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም መንግሥት ለሦስት ወር ወይም ለአሥር ዓመት የሚበደርበት፣ ነጋዴው ከባንክ የሚወስደው፣ የዶላሩም ዋጋ፣ በገበያ የሚወሰን ነው። ኮሚቴው ገመዱን በአንድ ጫፍ ይስባል፤ ሌላው ጫፍ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ግን ገመዱ መሐል ላይ ምን እንደያዘው ይወሰናል።

መጀመሪያ የሚንቀሳቀሱት የግምጃ ቤት ሰነዶች ናቸው። የኬንያ መንግሥት የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን ሰነዶችን በየሳምንቱ በጨረታ ይሸጣል። በ2024 መጀመሪያ የ91 ቀኑ ሰነድ ወለድ 16 በመቶን ተሻግሮ ነበር። ልብ ማለት የሚገባው፣ የመሠረታዊው ተመን ከፍታ 13 በመቶ ሆኖ ሳለ ገበያው ከመንግሥት ሦስት ነጥብ ያህል አስበልጦ መጠየቁን ነው። ይህ ልዩነት የወለድ ፖሊሲ የሚፈጥረው አይደለም፤ የፍርሃት ዋጋ ነው። ማንም አንባቢ የአንድን አገር ሁኔታ ለመመዘን ከፈለገ ከኮሚቴው መግለጫ ይልቅ በመሠረታዊው ተመንና በሦስት ወሩ ሰነድ መካከል ያለውን ርቀት ቢያይ የተሻለ ይረዳል።

ከዚያ ቀጥሎ ቦንድ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነጥብም እዚህ ጋ ነው፤ ወለድ ሲወጣ የቦንድ ዋጋ ለምን ይወርዳል? በሽልንግ እናስላው። አንድ ሰው በየዓመቱ 100 ሽልንግ የሚከፍል፣ በአምስተኛው ዓመት ዋናውን 1,000 ሽልንግ የሚመልስ ቦንድ አለው እንበል። ሲገዛው ወለዱ 10 በመቶ ነበር። በማግሥቱ መንግሥት በ16 በመቶ አዲስ ቦንድ መሸጥ ጀመረ። አሁን በ1,000 ሽልንግ በዓመት 160 ማግኘት እየተቻለ የዚህን ሰው ቦንድ በሙሉ ዋጋ የሚገዛው ማን ነው? ማንም። ቦንዱ ገዢ የሚያገኘው ከአዲሱ እኩል እስኪያዋጣ ድረስ ዋጋው ሲወርድ ብቻ ነው። ስሌቱ ሲሠራ ይህ ዋጋ 804 ሽልንግ ገደማ ይሆናል። ባለቤቱ አንድም ክፍያ ሳይቀርበት፣ መንግሥትም አንድም ቃል ሳያጥፍ፣ የንብረቱ አንድ አምስተኛ ጠፋ ማለት ነው።

ቦንዱ ሊጠናቀቅ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ቢሆን ኖሮ ግን ዋጋው የሚወርደው ወደ 948 ሽልንግ ነው። መክፈያው በራቀ ቁጥር ጉዳቱ ይከብዳል። ለዚህም ነው ወለድ በሚወጣበት ወቅት ባለገንዘቦች ከረጅም ጊዜ ቦንድ ሸሽተው ወደ ሦስት ወር ሰነድ የሚጎርፉት፤ በኬንያም በ2023 የሆነው ይኸው ነው። ረጅም ጊዜ ማበደርን ፈሩ፤ መንግሥትም በየሦስት ወሩ የሚታደስ ውድ ዕዳ ተሸክሞ ቀረ።

ባንኮችም የዚህ ጉዳት ተካፋዮች ናቸው። የኬንያ ባንኮች ከያዙት ሀብት ከፍተኛ ክፍል የመንግሥት ቦንድ ነው። ወለድ ሲወጣ የቀድሞዎቹ ቦንዶቻቸው በገበያ ዋጋ ይረክሳሉ፤ እስከ መክፈያቸው ከያዟቸው ኪሳራው በወረቀት ላይ ይቀራል፤ በመሐል ለመሸጥ ከተገደዱ ግን እውን ይሆናል።

ከሁለቱ ባለገንዘቦች አንዱ ለምን ከሰረ?

ወደ ምንዛሪው እንመለስ። ወለድ ሲጨምር የውጭ ገንዘብ ይመጣል፣ ገንዘቡም ምንዛሪውን ያጠነክራል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ባለገንዘቡ ሽልንግ ይበልጥ አይወርድም ብሎ ሲያምን ብቻ ነው።

ሁለት ባለገንዘቦችን እንመልከት፤ ምሳሌዎቹ ለስሌት የቀረቡ ናቸው፣ ግብርንም አላካተቱም። የመጀመሪያው በ2022 መባቻ 1,000 ዶላር ይዞ መጣ። በ113 መንዝሮ 113,000 ሽልንግ ያዘ። በዓመት 10 በመቶ እያገኘ ሁለት ዓመት ቆየና 136,730 ሽልንግ አደረሰው። በጃንዋሪ 2024 ወደ ዶላር ሲመልሰው ምንዛሪው 160 ነበር። እጁ የገባው 855 ዶላር ገደማ ነው። ሃያ አንድ በመቶ አተረፍኩ ያለው ሰው ወደ አገሩ የተመለሰው ከዋናው ጎድሎበት ነው።

ሁለተኛው ልክ ያኛው በሚወጣበት ቀን ገባ። 1,000 ዶላሩን በ160 መንዝሮ በ16 በመቶ የአንድ ዓመት ሰነድ ገዛ። በዓመቱ 185,600 ሽልንግ ሲቀበል ምንዛሪው 129 ገደማ ሆኖ ጠበቀው። ያገኘው ወደ 1,439 ዶላር ነው። በዶላር 44 በመቶ ገደማ አተረፈ ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሰነዱ የከፈለው 16 በመቶ ብቻ ሲሆን የተቀረው የምንዛሪው ስጦታ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወለድ አይደለም። የወለድ ልዩነታቸው በዓመት ስድስት ነጥብ ነው፤ የምንዛሪው ውዥንብር ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዲሴምበር የተጨመረው ሁለት ነጥብ ብቻውን ሽልንግን ያላቆመው ለዚህ ነው። ገንዘቡ በስድስት ወር ውስጥ ሌላ 15 በመቶ ሊወርድ ይችላል ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ በዓመት ሁለት በመቶ ተጨማሪ ወለድ ስለተሰጠው ሐሳቡን አይለውጥም።

ይህ ደግሞ የውጭ ባለገንዘቦች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አስመጪው ነገ ይወደዳል ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ዶላር ዛሬ ይገዛል። ሻይና አበባ ወደ ውጭ የሚልከው ደግሞ ያገኘውን ዶላር ሳይመነዝር ያቆየዋል። ሁለቱም ለራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ድምራቸው ግን የፈሩትን ነገር ያመጣዋል። መንግሥት በ2023 ጸደይ ነዳጅን ከባሕረ ሰላጤው መንግሥታዊ ኩባንያዎች በስድስት ወር ዱቤ ለማስመጣት የተዋዋለው በየወሩ ይፈለግ የነበረውን የዶላር ጥድፊያ ለማርገብ ነበር። ውሉ ጊዜ ገዛ እንጂ ችግሩን አልፈታም፤ ዱቤው ሲደርስ ዶላሩ መፈለጉ አይቀርምና።

በመሐሉም አመኔታን የሚሸረሽር ነገር አልጠፋም። ፕሬዝዳንት ዊሊያም ሩቶ በኖቬምበር 2023 ከዩሮቦንዱ 300 ሚሊዮን ዶላሩን በዲሴምበር እንከፍላለን ብለው ነበር። ክፍያው በተባለው ጊዜ አልተፈጸመም። እንዲህ ያለ የተሰበረ ቃል ከሁለት ነጥብ የወለድ ጭማሪ የበለጠ ክብደት እንዳለው በዚያ ሰሞን የሽልንግ ገበያ አሳይቷል።

የፌብሩዋሪ አሥር ቀናት

በ2024 መጀመሪያ ዓለም አቀፉ ነፋስ መቀየር ጀመረ። ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ መጨመሩን እንዳበቃና በዓመቱ ውስጥ እንደሚቀንስ ገበያው ገመተ። በጃንዋሪ አይቮሪ ኮስት የ2.6 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ሸጠች፤ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ማንም ያልሞከረውን። ብዙም ሳይቆይ ቤኒን ተከተለች። በሩ ተከፈተ።

ኬንያ ጊዜ አላባከነችም። ፌብሩዋሪ 6 የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው ግማሽ ነጥብ ጨምሮ ተመኑን 13 በመቶ አደረሰው። በቀጣዩ ሳምንት መንግሥት የ1.5 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ዩሮቦንድ ለገበያ አቀረበ፤ የገዢዎች ጥያቄ ከቀረበው ብዙ እጥፍ ሆነ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። አሮጌው ቦንድ 6.875 በመቶ ይከፈልበት የነበረ ሲሆን አዲሱ 9.75 በመቶ ይከፈልበታል፤ ከተሸጠበት ዋጋ ጋር ሲሰላ ለገዢው 10.375 በመቶ ያስገኛል። በዚህ ገንዘብ ኬንያ በጁን ከሚደርሰው ዕዳ 1.44 ቢሊዮን ዶላሩን አስቀድማ ገዝታ ዘጋችው። የተረፈው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር፤ ይህን ማንም አልፈራውም።

በዚያው ሳምንት በአገር ውስጥ ገበያ ሌላ ጨረታ ተካሄደ። መንግሥት ለመሠረተ ልማት 70 ቢሊዮን ሽልንግ ሊበደር የስምንት ዓመት ተኩል ቦንድ አቀረበ። የመጣለት ጥያቄ 288 ቢሊዮን ሽልንግ አለፈ፤ የተቀበለውም 240 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ነው። ቦንዱ በዓመት 18.46 በመቶ ይከፍላል፤ ወለዱም ከግብር ነፃ ነው። ገዢዎቹ የውጭ ባለገንዘቦችን ይጨምሩ ነበር፤ እነርሱ ደግሞ ለመግዛት መጀመሪያ ዶላራቸውን ሸጠው ሽልንግ መያዝ ነበረባቸው። ሽልንግ ያንሰራራው በእነዚህ ቀናት ነው።

ስለዚህ ለመነሻው ጥያቄ የዚህ ጸሐፊ መልስ እንዲህ ነው። የወለድ ጭማሪው ማገዶውን ደረደረ፤ ክብሪቱን የጫረው ግን የዩሮቦንዱ ዕዳ መዘጋቱ ነው። ወለዱ ከፍ ባይል ኖሮ ዕዳው ሲዘጋ የሚመጣው ገንዘብ ያን ያህል አይሆንም ነበር። ዕዳው ባይዘጋ ኖሮ ደግሞ ወለዱ 15 በመቶ ቢደርስም ገንዘቡ አይመጣም ነበር። የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ካማው ቱጌ የውሳኔያቸውን ውጤት ሲያስረዱ ወለዱን ማስቀደማቸው የሚጠበቅ ነው። የቀናቱ ቅደም ተከተል ግን ሙሉ ምስጋናውን ለኮሚቴው ለመስጠት አያስችልም።

አክሲዮኑ ዘግይቶ፣ ግን ርቆ ሄደ

የናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ አጠቃላይ መለኪያ በ2023 ከሩብ በላይ ዋጋውን አጥቷል። የሳፋሪኮምን ያህል ትርፋማ ኩባንያ አክሲዮን ሳይቀር ለምን እንደዚያ ረከሰ?

አንዱ ምክንያት ስሌት ነው። በየዓመቱ ለአንድ አክሲዮን 10 ሽልንግ የሚከፍል፣ የማያድግ የማይቀንስ ኩባንያ እንውሰድ። መንግሥት 10 በመቶ በሚከፍልበት ጊዜ ባለገንዘቡ ለኩባንያው ሥጋት አራት ነጥብ ጨምሮ 14 በመቶ ቢፈልግ፣ ለአክሲዮኑ የሚከፍለው 71 ሽልንግ ገደማ ነው። መንግሥት 16 በመቶ ሲከፍል የሚፈልገው 20 በመቶ ይሆንና ለዚያው አክሲዮን ከ50 ሽልንግ በላይ አይከፍልም። ኩባንያው ምንም አልሆነም፤ ደንበኞቹም አልሸሹትም። የተቀየረው መወዳደሪያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ናይሮቢን የሚመለከት ነው። በገበያው ትልልቆቹን አክሲዮኖች ያንቀሳቅሱ የነበሩት በብዛት የውጭ ባለገንዘቦች ናቸው። እነርሱ የሚቆጥሩት በዶላር ነው፤ ስለዚህ ሽልንግ ሲወድቅ አክሲዮኑ ባይረክስ እንኳ ይከስራሉ። ሲሸጡም የተቀበሉትን ሽልንግ ወደ ዶላር ስለሚቀይሩ ሽልንግን ይበልጥ ይጥሉታል። ምንዛሪውና አክሲዮኑ እንዲህ ተያይዘው ይወርዳሉ።

ሲወጡም ተያይዘው ነው። በ2024 የገበያው መለኪያ ሲሶ ገደማ አደገ። ትኩረት የሚስበው ግን ዕድገቱ የጀመረው ወለድ ገና ከፍታው ላይ ሳለ መሆኑ ነው። ኮሚቴው ለመጀመሪያ ጊዜ ወለድ የቀነሰው በኦገስት 2024 ነው፤ ከ13 ወደ 12.75 በመቶ። ገበያ የሚሮጠው ዛሬ ባለው ወለድ ሳይሆን ነገ ይመጣል ብሎ በሚያስበው ነው። ለዚህም ነው ጋዜጦች "ወለድ ተቀነሰ፤ አክሲዮን ወደቀ" የሚል ግራ የሚያጋባ ርዕስ አንዳንዴ የሚያወጡት፤ ቅናሹ ቀድሞ በዋጋው ውስጥ ገብቶ፣ ምናልባትም ከዚያ የበለጠ ተጠብቆ ስለነበር ነው።

በመሐሉ በጁን 2024 የግብር ጭማሪ ሕጉን የተቃወሙ ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ ሰዎች ተገደሉ፤ ፕሬዝዳንቱም ሕጉን አነሱ። በጁላይ ሙዲስ የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት የኬንያን የብድር ደረጃ ዝቅ አደረገ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሽልንግ 129 ገደማ ላይ ጸንቶ ቆየ። ከስድስት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ዜና ሽልንግን ምን ያደርገው እንደነበር መገመት አያዳግትም። የቅርቡ ዕዳ ስለተከፈለ ግን ፍርሃቱ የሚይዘው ቀን አጣ።

የተከፈለው ዋጋ

ይህ ታሪክ እዚህ ቢያበቃ ኬንያ በርካሽ ያመለጠች ይመስል ነበር። አላመለጠችም። መንግሥት በ18.46 በመቶ የተበደረው ገንዘብ የምንዛሪው ፍርሃት ካለፈ በኋላም ለዓመታት ይከፈላል። ቦንዱን የገዙት ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጠቃሚ ሆኑ፤ የገበያው ወለድ ሲወርድ ከላይ ያየነው ስሌት ተገልብጦ የያዙት ቦንድ ዋጋው ናረ።

ከባድ ሸክም የወደቀው ግን ከገበያው ውጪ ባለው ላይ ነው። መንግሥት ያለ ሥጋት 16 እና 18 በመቶ ሲከፍል፣ አንድ ባንክ ናይሮቢ ውስጥ የብረታ ብረት ሱቅ ላለው ነጋዴ ለማበደር ምን ያስገድደዋል? ለግሉ ዘርፍ የሚሰጠው ብድር ዕድገቱ እየቀነሰ ሄዶ በ2024 ማብቂያ ከነጭራሹ ከዜሮ በታች ሆነ። ቀድሞ ከተሰጠው ብድር በጊዜው የማይከፈለውም ከጠቅላላው 16 በመቶ አለፈ፤ ከስድስት ብድር አንዱ መሆኑ ነው።

ወለድ ሲወርድ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ መጣ። ኮሚቴው በተከታታይ ስብሰባዎች ተመኑን ዝቅ እያደረገ በኦክቶበር 2025 9.25 በመቶ አደረሰው። የግምጃ ቤት ሰነዶች ወዲያው ተከተሉ። የ91 ቀኑ ሰነድ በ2024 ማብቂያ ከ10 በመቶ በታች ነበር። የነጋዴው ብድር ግን ሲጨምር እንደነበረው ፍጥነት አልወረደም። ማዕከላዊ ባንኩ በፌብሩዋሪ 2025 ባንኮች እርሱ ዘንድ በግዴታ የሚያስቀምጡትን ገንዘብ ከ4.25 ወደ 3.25 በመቶ ቀነሰላቸው፤ በዚያው ልክ ቅናሹን ለደንበኛ የማያደርሱትን መርማሪ ልኮ እንደሚቀጣ አስጠነቀቀ። ባንኮቹም መልስ ነበራቸው፤ ከፍ ባለው ዘመን በውድ የሰበሰብነው ተቀማጭ ጊዜው እስኪያልቅ ከፍተኛ ወለድ እየከፈልንበት ነው አሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ወለድ ሲወጣ እንደዚህ ያለ መዘግየት አለመታየቱ ነው።

በአዲስ አበባ ገመዱ ገና እየተገመደ ነው

ኢትዮጵያ ይህን መሣሪያ የተቀበለችው በጁላይ 2024 ነው። ብሔራዊ ባንክ ለመጀመሪያ ጊዜ መሠረታዊ የወለድ ተመን ሲያወጣ 15 በመቶ አለው። በዚያው ወር መገባደጃ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። 15 በመቶ በወቅቱ ከነበረው የዋጋ ንረት በታች ስለነበር፣ በዚያ ወለድ ብር ያስቀመጠ ሰው የመግዛት አቅሙ እየቀነሰ ይሄድ ነበር።

ከናይሮቢ ጋር ሲነጻጸር ዋናው ልዩነት ግን የተመኑ ከፍታ አይደለም። ወለዱ የሚተላለፍባቸው መንገዶች ገና ብዙዎቹ አልተዘረጉም። የኢትዮጵያ የአክሲዮን ገበያ የተከፈተው በጃንዋሪ 2025 ሲሆን መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ወለድ ቢጨመር የሚረክስ፣ ቢቀነስ የሚንር የአክሲዮን ዋጋ በአደባባይ ማየት ገና አልተለመደም። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ብድር የገታውም በዋናነት በወለድ ሳይሆን በጣሪያ ነው፤ በኦገስት 2023 ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ከለከለ፤ ኋላም ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ብድር በጣሪያ በሚከፋፈልበት አገር ወለዱ ሁለት ነጥብ ቢወጣ ወይም ቢወርድ ወረፋው አይለወጥም፤ ተራ የደረሰው ይበደራል፣ ያልደረሰው ይጠብቃል።

ከአሜሪካ ወይም ከባሕረ ሰላጤው ለቤተሰቡ ዶላር የሚልክ ኢትዮጵያዊም ይህንኑ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። ኬንያዊው ላኪ በፌብሩዋሪ 2024 ዶላሩን ቶሎ የመነዘረው ሽልንግ እየጠነከረ መሆኑንና ሰነዱ 16 በመቶ እንደሚከፍል ስላየ ነው። ኢትዮጵያዊው ግን ሲወስን የሚያነጻጽረው የባንኩን ምንዛሪ ከትይዩ ገበያው ጋር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሩብ ወይም ግማሽ ነጥብ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ስሌቱን የሚከልስበት ቀን እስኪመጣ ድረስ በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል ያለው ርቀት ለብር ከ15 በመቶው የበለጠ ተነባቢ መለኪያ ሆኖ ይቆያል።